ዘር አቅራቢው በዓመቱ መጨረሻ እንዴት ይመዘናል?

የመኸር አዝመራ ተሰብስቦ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳባቸውን በሚዘጉበት ጊዜ፥ ዘር አቅራቢው ለማኅበሩ አንድ ደብዳቤ መጻፉ የተለመደ ነው። በደብዳቤውም የተዋዋለውን ኩንታል ሁሉ እንደ ላከ፥ ዘሩም በአማካይ ከሚፈለገው በላይ የበቀለ እንደ ነበረ፥ ስለዚህም ለሚመጣው ዓመት ውሉ ቢታደስ ደስ እንደሚለው ይገልጻል። በዚያው ሳምንት ከአባላቱ መካከል አንዳንዶቹ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መጥተው ዘሩ እንዳልበቀለላቸው፥ ወይም ከዘር ጊዜ በኋላ እንደ ደረሰ ያመለክታሉ። ሊቀ መንበሩ በሁለቱ መካከል ይቸገራል፤ ደብዳቤውም ሐሰት አይደለም፥ አቤቱታውም እውነት ነው። ይህ የሚሆንበት ምክንያት አቅራቢው የሚመዘንበት ልክ አስቀድሞ ስላልተወሰነ ነው። በዛሬው ጽሑፍ ይህን ልክ በስንዴ ዘር ምሳሌነት እንመለከተዋለን።

በፊት ዘሩ ከአባዢው ድርጅት ተነሥቶ በብዙ እጅ እያለፈ ገበሬው ዘንድ ስለሚደርስ፥ ጥፋት በተገኘ ጊዜ ማን እንደሚጠየቅ ለማወቅ አስቸጋሪ ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ቀጥተኛ የዘር ሽያጭ የሚባለው አሠራር በአንዳንድ ወረዳዎች መሞከር ከጀመረ ወዲህ ግን፥ አሠራሩ በደረሰበት ስፍራ ዘሩን ያበዛው ድርጅት ራሱ ወይም የታወቀ ወኪሉ ይሸጣል። ሻጩ በስሙ ከታወቀ መመዘን ይቻላል።

ለምሳሌ የሚሆን አንድ የደጋ ማኅበር እንውሰድ። ስሙን መግለጽ አያስፈልግም፤ ቁጥሮቹም ስሌቱ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ተስተካክለው የቀረቡ ናቸው። ማኅበሩ 400 ኩንታል የስንዴ ዘር፥ በኩንታል በ6,000 ብር ሒሳብ፥ እስከ ሰኔ 5 ቀን በማኅበሩ መጋዘን ሊረከብ ተዋዋለ። በውሉ መሠረት ከመቶው ዘር ቢያንስ 85ቱ መብቀል አለበት። ቀብዱን ማኅበሩ እስከ ሚያዝያ 10 ቀን ሊከፍል ተስማምቷል፤ ቀብዱ የዘገየ እንደ ሆነ የማስረከቢያው ቀን በዘገየው ቀን ልክ ይገፋል። በዚያ አገር የስንዴ መዝሪያ ጊዜ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ሐምሌ 10 ቀን ገደማ ያበቃል።

ዘሩ በአራት ጭነት ደረሰ። የመጀመሪያው 160 ኩንታል ግንቦት 28 ቀን፥ ሁለተኛው 140 ኩንታል ሰኔ 4 ቀን፥ ሦስተኛው 60 ኩንታል ሰኔ 18 ቀን፥ የመጨረሻው 40 ኩንታል ደግሞ ሐምሌ 12 ቀን ገባ። አቅራቢው «400 ኩንታል አስረክቤአለሁ» ቢል ታዲያ ውሸት አልተናገረም ማለት ነው። ነገር ግን ሐምሌ 12 ቀን የደረሰው 40 ኩንታል ለዚያ ዓመት ገበሬ ዘር አይደለም። ጆንያ ወይም ቆርቆሮ አንድ ወር ቢዘገይ የሚያስቈጣ ነገር ይሆናል እንጂ ዕቃው ያው ዕቃ ነው፤ ዘር ግን የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ እህል ሆኖ ይቀራል፤ መድኃኒት የተቀባ ከሆነማ ለምግብ እንኳ አይሆንም። ስለዚህ የማስረከብ ሥራ የሚለካው በዓመቱ ውስጥ በገባው ኩንታል ሳይሆን፥ በውሉ ቀን በገባው ኩንታል ነው። ከውሉ ቀን ዘግይቶ፥ ነገር ግን መዝሪያው ሳያልፍ ለደረሰው ግማሽ ይታሰባል፤ ካለፈ በኋላ ለደረሰው ምንም አይታሰብም።

የማኅበሩ የምዘና ኮሚቴ በዚህ ሒሳብ መጀመሪያ ያገኘው ውጤት የሚከተለው ነበረ። ከሰኔ 5 ቀን በፊት የገባው 300 ኩንታል ሙሉ ይታሰባል፤ ሰኔ 18 ቀን የገባው 60 ኩንታል በግማሽ 30 ይሆናል፤ የሐምሌው 40 ኩንታል ባዶ ነው። ድምሩ ከ400 ኩንታል 330 ስለሚሆን፥ ከመቶ 82 ነጥብ 5 ማለት ነው። ውጤቱም ተጽፎ ለአቅራቢው ተላከ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ብዙ ማኅበራት አቅራቢውን በልባቸው ይመዝናሉ እንጂ የመዘኑበትን ወረቀት አያሳዩትም። ይህ ደግ አይደለም። ወረቀቱን ያላየ አቅራቢ ሊያሻሽል አይችልም፤ ከዚህም በላይ በመዛኙ በኩል ያለውን ጉድለት የሚያመለክት ሰው አይገኝም። በምሳሌአችን የአቅራቢው ወኪል ለስብሰባ በተጠራ ጊዜ ከቦርሳው አንድ የባንክ ደረሰኝ አውጥቶ፥ «ክቡር ሊቀ መንበር፥ ቀብዱን የከፈላችሁት ሚያዝያ 24 ቀን ነው፤ ይህንንም እርስዎ ራስዎ ፈርመውበታል» አለ። እንዳለውም ነበረ። ቀብዱ 14 ቀን ስለ ዘገየ፥ በውሉ መሠረት የማስረከቢያው ቀን ከሰኔ 5 ወደ ሰኔ 19 ተገፍቷል። ሰኔ 18 ቀን የገባው 60 ኩንታል እንግዲህ አልዘገየም። ኮሚቴው ሒሳቡን አስተካክሎ 360 ኩንታል በጊዜው እንደ ደረሰ መዘገበ፤ ይኸውም ከመቶ 90 ነው። የመጨረሻው 40 ኩንታል ግን በተገፋው ቀንም ቢሆን 23 ቀን የዘገየ ስለ ሆነ ወኪሉ የሚመልሰው አላገኘም።

ስለዚህ የማስረከቢያ መዝገብ አምዶቹ ጭነቱ የገባበት ቀን ብቻ መሆን የለባቸውም። ትእዛዙ የተጻፈበት ቀን፥ ቀብዱ የተከፈለበት ቀን፥ መኪናው መጋዘን የደረሰበትና ጭነቱ የተራገፈበት ቀን ጭምር መጻፍ አለባቸው። መኪና ሁለት ቀን ሙሉ የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ሰው ለቅሶ ሄዶ ሳይራገፍ ሲቆም የታየበት ጊዜ አለ፤ ይህ በአቅራቢው ላይ አይቈጠርም።

ወደ ጥራቱ እንለፍ። ከአራቱ መመዘኛዎች ሁሉ ብዙ ስሕተት የሚሠራው በዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እናየዋለን።

የዘር ጥራት በዓይን የሚታይም የማይታይም አለው። ባዕድ ዘር፥ አፈር፥ የተሰበረ ፍሬ፥ ነቀዝ የበላው፥ የሻገተ ሽታ፥ እነዚህ ከረጢቱ ሲከፈት ይታወቃሉ። የመብቀል ኃይሉ ግን አይታይም። በእርጥበት የተቀመጠ ወይም በመውቂያ መኪና የተጎዳ ስንዴ መልኩ ወርቅ መስሎ ፅንሱ የሞተ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚገልጸው የማብቀል ሙከራ ብቻ ነው። ሙከራውም ለናሙናው ታማኝ በሆነ ልክ ነው የሚታመነው። ከበሩ አጠገብ ካለው ከረጢት አንድ እፍኝ ዘግኖ መውሰድ ናሙና አይባልም። ዓለም አቀፉ የዘር ምርመራ ማኅበር በደነገገው ሥርዓት፥ ጭነቱ 60 ከረጢትና ከዚያ በላይ የሆነ እንደ ሆነ ቢያንስ ከ30 ስፍራ ጥቂት ጥቂት ይወሰዳል። ስለዚህ የ60 ኩንታሉ ጭነት በባለ 50 ኪሎ ከረጢት 120 ከረጢት ስለሚሆን፥ ከላይ፥ ከመካከልና ከታች ከተደረደሩት ከ30 ከረጢቶች በናሙና መውጊያ ይወጣል፤ ሁሉም በአንድነት ይደባለቃል።

የተደባለቀው ናሙና በሦስት ይከፈላል። አንዱ ለሙከራ ይሄዳል፥ አንዱን አቅራቢው ይይዛል፥ ሦስተኛው በሁለቱም ወገን ማኅተም ታሽጎ በማኅበሩ ሣጥን ይቀመጣል። ሦስተኛው ክርክር ሲነሣ የሚከፈት ነው። እርሱ ከሌለ አቅራቢው «ዘሩን ያበላሸው የእናንተ መጋዘን ነው» ቢል የሚመለስለት የለም። ለሙከራው 400 ፍሬ ሳይመረጥ ይቈጠርና መቶ መቶ ሆኖ በአራት ይዘራል፤ በቤተ ሙከራ በ20 ዲግሪ ሙቀት ተቀምጦ በ4ኛው ቀን መጀመሪያ፥ በ8ኛው ቀን መጨረሻ ይቈጠራል። ቤተ ሙከራ በሩቅ ያለበት ማኅበር በታጠበ እርጥብ አሸዋ ላይ ሊሠራው ይችላል፤ ውጤቱ ለፍርድ ቤት ባይበቃም ለማስጠንቀቂያ ይበቃል። የሚቈጠረውም ሥሩና ቡቃያው ደኅና የሆነው ብቻ ነው፤ ጫፉን ብቅ አድርጎ የቀረው፥ የተጠማዘዘው ወይም የበሰበሰው በበቀሉት ውስጥ አይገባም። አንዳንድ ታዛቢዎች ነጭ ጫፍ ያዩትን ሁሉ እየቈጠሩ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል።

በምሳሌአችን የመጀመሪያው ጭነት 94፥ ሁለተኛው 91፥ ሦስተኛው 78 ከመቶ በቀለ። አራተኛው ጊዜው በማለፉ አልተቀበሉትም፥ አልተመረመረምም። አቅራቢው በደብዳቤው «በአማካይ 90» ብሎ ነበር፤ ኩንታሉን ከብቅለቱ ጋር አባዝተን ለ360 ብናካፍለው በእርግጥም 90 ይመጣል። ውሉ ደግሞ የሚጠይቀው 85 ነው። ታዲያ ምን ጎደለ?

በስብሰባው ከሦስተኛው ጭነት የደረሳቸው አንድ ሽማግሌ ለዚህ ጥያቄ ያለ ሒሳብ መለሱለት፤ ወደ ወኪሉ ዞረው፥ «ልጄ፥ ለእኔ ማሳ አማካይ የሚባል ዘር አልደረሰኝም» አሉት። ነገሩ ይኸው ነው። የአንዱ ጭነት ብልጫ የሌላውን ጭነት ጉድለት በወረቀት ላይ ይሸፍናል እንጂ በማሳ ላይ አይሸፍንም። ስለዚህ ጥራት በአማካይ አይመዘንም፤ ከተረከብነው ኩንታል ውስጥ የውሉን ልክ ያሟላው ስንት ነው ተብሎ ይመዘናል። ከ360 ኩንታል ያሟላው 300 ስለ ሆነ ውጤቱ ከመቶ 83 ይሆናል። ጭነቱ ሁሉ በየተራው ተመርምሮ በየቁጥሩ መመዝገብ ያለበትም፥ ለየትኛው ገበሬ ከየትኛው ጭነት እንደ ታደለ መጻፍ ያለበትም ለዚህ ነው።

78 ከመቶ ማለት በሥራ ላይ ምን እንደ ሆነ እናስላ። በሄክታር 150 ኪሎ ዘር ለሚዘራ ገበሬ የታሰበው ዘር 85 ከመቶ የሚበቅል ነው። 78 ከመቶ በሚበቅል ዘር ያንኑ ያህል ቡቃያ ለማግኘት 164 ኪሎ ገደማ መዝራት አለበት። ስለዚህ ልዩነቱ በሄክታር 14 ኪሎ ነው፤ ይህን ያህል ጉድለት መጠኑን በመጨመር ሊካስ ይችላል። ወደ 60 የወረደ ዘር ግን መጠን በመጨመር አይድንም፤ የበቀለውም ቢሆን ደካማ ስለሚሆን በጭቃ ወይም በብርድ መሬት ውስጥ ታንቆ ይቀራል። እንዲህ ያለው መመለስ አለበት።

ሙከራው የሚሠራበት ጊዜም ትልቅ ነገር ነው። ዘሩ ከመታደሉ በፊት የተደረገ ሙከራ ስለ ዘሩ ይናገራል። ነሐሴ ውስጥ ማሳው ሲሳሳ የሚቀርብ አቤቱታ ግን ዘሩን ከአፈሩ፥ ከአዘራሩ ጥልቀትና ከዝናቡ ለይቶ ሊያሳይ አይችልም። አቅራቢው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ከዚህ የተነሣ ማስረከብና ጥራት የተሳሰሩ ናቸው፤ በመጨረሻው ሰዓት የሚደርስ ጭነት ስምንቱን የሙከራ ቀኖች ይበላል፤ ገበሬውም በሬውን ጠምዶ ስለሚጠብቅ መጋዘን ጠባቂው ሳይመረመር ያድለዋል። የሦስተኛው ጭነት ናሙና ሰኔ 19 ቀን ተዘርቶ ውጤቱ ሰኔ 27 ቀን ታወቀ፤ መዝሪያው ሊያልፍ የቀረው ሁለት ሳምንት ያህል ነበረ። ይህ ጭነት አንድ ሳምንት ተኩል ቢዘገይ ኖሮ ጉድለቱ አይታወቅም ነበር።

ሳንረሳው አንድ ነገር እንጨምር። የዘሩ ዓይነት እውነተኛነት፥ ማለት ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ዓይነት በውስጡ ያለው መሆኑ፥ በሰኔ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ዛላው ወጥቶ ቁመቱ፥ ሪዙና መልኩ ሲለይ ነው። የምዘናው መዝገብ ስለዚህ እስከ ጥቅምት ድረስ ክፍት ሆኖ መቈየት አለበት። ነገር ግን ዓይነቱ ራሱ በበሽታ ቢመታ በአቅራቢው ላይ አይቈጠርም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በተነሣ ጊዜ ኩብሳ የተባለው ስንዴ ክፉኛ ተጎዳ፤ ንጹሕና በደንብ የበቀለ የኩብሳ ዘር የሸጠ ሰው ግን በውሉ በኩል ያጎደለው የለም። ዓይነቱን መምረጥ የማኅበሩና የግብርና ባለሙያው ኃላፊነት ነው።

ስለ ዋጋው ብዙ ማለት አያስፈልግም። የምንመዝነው የዋጋውን ውድነት ወይም ርካሽነት አይደለም፤ እርሱ ውሉ ሲፈረም ያለቀ ነገር ነው። የምንመዝነው አቅራቢው በተስማማበት ዋጋ መጽናቱን ነው። በምሳሌአችን ሦስተኛው ጭነት ሲደርስ ከመኪናው ጋር አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ዋጋው በኩንታል ከ6,000 ብር ወደ 6,600 ብር ከፍ ማለቱን ይገልጻል። መኪናው በር ላይ ቆሞ፥ የመዝሪያውም ጊዜ ደርሶ፥ ማኅበሩ ከመክፈል በቀር ምርጫ አልነበረውም። በኋላ ኮሚቴው ጭማሪውን መረመረ። ስንዴ ዘር የሚገዛው ከአባዢ ገበሬዎች ስለ ሆነ፥ የእህል ገበያው ከፍ ሲል የዘሩም ዋጋ ከፍ ማለቱ ተገቢ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በአካባቢው ገበያ የስንዴ ዋጋ በኩንታል ከ4,800 ወደ 5,000 ብር ደርሶ ነበር። ስለዚህ ከ600 ብር ጭማሪ ውስጥ 200 ብሩ ምክንያት አለው፤ 400 ብሩ የለውም። በ60 ኩንታል ሲባዛ 24,000 ብር ይሆናል፤ ከተረከቡት ዘር የውል ዋጋ ከመቶ አንድ ያህል ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ አኳኋኑ ግን መጥፎ ነው። ኮሚቴው የዋጋውን ነጥብ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለጭማሪው መጠን፥ ግማሹን ደግሞ ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት ለማስታወቁ ስለ መደበ፥ አቅራቢው የመጀመሪያውን ግማሽ አግኝቶ ሁለተኛውን አጣ።

ምክንያት ሆኖ የሚቀርበውን ሁሉ አለመቀበል ያስፈልጋል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለማንኛውም ጭማሪ የውጭ ምንዛሪን መጥቀስ ልማድ ሆኗል። ከውጭ ለሚገባው ማዳበሪያ ወይም የዘር መድኃኒት ይህ እውነት ነው፤ በአገር ውስጥ ለተባዛ ስንዴ ግን የሚነካው ለማጓጓዣ ነዳጁና ለመድኃኒቱ ያለውን ክፍል ብቻ ነው። በሌላ በኩል ዋጋው በመንግሥት ኮሚቴ በሚወሰንበት ስፍራ አቅራቢው በዋጋ ሊመሰገንም ሊወቀስም ስለማይገባ፥ ይህ አምድ ባዶ ሆኖ ነጥቡ ለሌሎቹ ይከፋፈላል። ደግሞም ዋጋውን ሳይነካ ሚዛኑን የሚነካ አለ። 50 ኪሎ የተባለው ከረጢት 48 ኪሎ ተኩል ቢመዝን፥ ይህ ሳይነገር የተጨመረ የ3 ከመቶ ዋጋ ነው። ከአሥር ከረጢት አንዱን መመዘን ይህን ያሳያል።

አራተኛው መመዘኛ አቅራቢው ለጥያቄና ለአቤቱታ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ይህን በስሜት የሚመዝኑት ብዙዎች ናቸው፤ ስልክ አንሥቶ በትሕትና የሚናገር ሰው ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል። ነገር ግን የሚመዘነው ጨዋነቱ ሳይሆን፥ አቤቱታው ከደረሰበት ቀን እስከ ተፈወሰበት ቀን ያለው ጊዜ ነው። በምሳሌአችን ሁለት አቤቱታዎች ነበሩ። ስለ ሦስተኛው ጭነት ማኅበሩ ሰኔ 28 ቀን በጽሑፍ አመለከተ፤ መልስ ሰኔ 30 ቀን መጣ፥ ባለሙያው ሐምሌ 2 ቀን ደርሶ የሙከራውን መዝገብ አየ። የታሸገው ናሙና ተከፍቶ እንደ ገና ቢዘራ ስምንት ቀን ስለሚያልፍ፥ ሁለቱ ወገኖች ክርክሩን ትተው በማካካሻ ተስማሙ፤ ሐምሌ 6 ቀን 6 ኩንታል ደኅና ዘር ያለ ዋጋ ደረሰ። 60ው ኩንታል ለ40 ሄክታር የታሰበ ስለ ነበረ፥ ከተጨመረው ጋር በሄክታር 165 ኪሎ ሆነ፤ ከላይ ካሰላነው ጋር ይስማማል። በእኔ አስተያየት ከዚህ የተሻለ ምላሽ በዘር ጊዜ አይገኝም። ስለ ቀረው 40 ኩንታል ግን ማኅበሩ ሦስት ደብዳቤ ጽፎ፥ ለሁሉም «መኪናው በመንገድ ላይ ነው» የሚል የስልክ ቃል ብቻ አገኘ። አቅራቢው እንደማይደርስ በጊዜ ቢናገር ኖሮ ማኅበሩ ከሌላ ይገዛ ነበር፤ ከመዘግየቱ ይልቅ የጎዳው ይህ ነው። ከሁለቱ አንዱ በጊዜው ስለ ተፈወሰ ግማሽ ነጥብ ተሰጠው።

ምንም አቤቱታ ላልቀረበበት አቅራቢ ሙሉ ነጥብ የሚሰጡ አሉ፤ ይህም ልክ አይደለም። ያልተጠየቀ ሰው መልስ መስጠት መቻሉ አልታወቀም፤ አምዱ ባዶ ይተው።

አሁን ይደመር። ለአራቱ መመዘኛዎች የሚሰጠው ክብደት ዘሩ ከመምጣቱ በፊት መወሰን አለበት፤ በኋላ የሚወሰን ክብደት የተወደደውን ለማንሣት ወይም የተጠላውን ለመጣል ይውላልና። ማኅበሩ ለጥራት 40፥ ለማስረከብ 35፥ ለምላሽ 15፥ ለዋጋ መጽናት 10 ሰጥቶ ነበር። ለጆንያ ወይም ለመለዋወጫ ዕቃ ቢሆን ዋጋው ከፍ ሊል ይችል ነበር፤ የማይበቅል ዘር ግን በነጻ ቢሰጥ እንኳ ማሳውን ለአንድ ዓመት ያስጾማል። ስለዚህ ጥራት 33፥ ማስረከብ 31 ተኩል፥ ምላሽ 7 ተኩል፥ ዋጋ 5 ሆኖ በጠቅላላው ከመቶ 77 መጣ። የባንኩ ደረሰኝ ባይታይ ኖሮ 74 ተኩል ገደማ ይሆን ነበር።

77 መልካም ነው ወይስ መጥፎ? ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። ይህ የአንድ ዓመትና የሦስት ጭነት ምርመራ ነው፤ አንድ ጭነት ቢበላሽ ወይም ቢሰምር ውጤቱ ብዙ ይዋዥቃል። ሦስት ዓመት በተከታታይ የተመዘገበ ከሆነ ግን የአቅራቢው ጠባይ ይታወቃል። ደግሞም በብዙ ወረዳ ዘር የሚያቀርበው አንድ ወይም ሁለት ድርጅት ብቻ ስለ ሆነ፥ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘውን ትቶ ወደ ሌላ መሄድ አይቻልም። በእንዲህ ያለ ስፍራ ምዘናው ለሚመጣው ውል ቃል መጻፊያ ነው። የሚመዝኑትም ዋጋ የተደራደረው ሰው ሳይሆን መጋዘን ጠባቂው፥ የቀበሌው የግብርና ባለሙያና ዘሩን የዘሩ ሁለት አባላት ቢሆኑ ይመረጣል።

ምሳሌ ያደረግነው ማኅበር ከአቅራቢው ጋር አልተለያየም። ለሚመጣው ዓመት ከ400 ኩንታል 280ውን ለእርሱ አዘዘ፤ 120ውን በአካባቢው ካሉ የዘር አባዢ ገበሬዎች ሊገዛ ወሰነ። በአዲሱ ውል የማስረከቢያው የመጨረሻ ቀን ግንቦት 30 ሆነ፤ ለእያንዳንዱ ጭነት ከሚከፈለው ከመቶ 20ው የማብቀል ሙከራው ውጤት እስኪመጣ ይያዛል፤ የዋጋ ለውጥ ቢኖር ከ15 ቀን በፊት በጽሑፍ ካልተገለጸ አይከፈልም፤ ጭነት የሚጎድል መሆኑን እስከ ሰኔ 10 ቀን ያላስታወቀ አቅራቢ ለጎደለው ኩንታል መቀጫ ይከፍላል። ወኪሉ እነዚህን ከተቀበለ በኋላ በበኩሉ አንድ ቃል እንዲገባለት ጠየቀ፤ ማኅበሩ ቀብዱን ከሚያዝያ 10 ቀን ያሳለፈ እንደ ሆነ የማስረከቢያው ቀን እንዲገፋ ብቻ ሳይሆን፥ የማኅበሩም መዘግየት በምዘናው ወረቀት ላይ በራሱ አምድ እንዲጻፍ ነው። ሊቀ መንበሩ ጥቂት አሰበና ፈረመ።